አንድ ጣቢያ፣ አራት የአየር ንብረት፦ የኮፐን ኮድ ለምን ይሳሳታል?

የኮፐን ኮድ የአንድን ቦታ የአየር ንብረት በሁለት ወይም በሦስት ፊደላት የሚመድብ ነው። የቦታውን ወርሃዊ ሙቀትና ዝናብ አስገብታችሁ የወጣው ኮድ ቦታውን ጨርሶ የማይመስል ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትመረምሩት የደረቅነት ወሰኑን ስሌት ይሁን። ከአምስቱ ዋና ምድቦች ሐሩሩ A፣ መካከለኛው C፣ ብርዳማው D እና ዋልታዊው E የሚለዩት በሙቀት ብቻ ነው። B ማለትም ደረቁ ምድብ ግን ሙቀትንም ዝናብንም ይጠይቃል፤ ወሰኑም እንደ ቦታው ይለዋወጣል። እኔ ካየኋቸው የተሳሳቱ ኮዶች አብዛኞቹ የተበላሹት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጣቢያ ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ጣቢያው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ይገኛል፤ ወራቱ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ተደርድረዋል፤ T ሙቀት በዲግሪ ሴልሺየስ፣ P ዝናብ በሚሊ ሜትር ነው።

```
T: 24 23 22 19 15 12 12 15 19 21 22 24
P: 120 100 80 30 10 5 5 5 10 35 70 110
```

የዓመቱ አማካይ ሙቀት 19 ዲግሪ፣ የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ 580 ሚሊ ሜትር ነው። የደረቅነት ወሰኑ ከሚከተሉት ሦስት ቀመሮች በአንዱ ይሰላል፤ እዚህ T የዓመቱ አማካይ ሙቀት ነው፦

```
20*T + 280
20*T
20*T + 140
```

የመጀመሪያው የሚያገለግለው ከዝናቡ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በሞቃቱ ግማሽ ዓመት ሲዘንብ ነው። ሁለተኛው ያው መጠን በቀዝቃዛው ግማሽ ዓመት ሲዘንብ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ አንዱም ሳይሆን ሲቀር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሙቀት ወራት የሚዘንብ ውሃ ቶሎ ስለሚተን፣ መሬቱ ከደረቅነት እንዲወጣ ብዙ ዝናብ ያስፈልገዋል።

በጣቢያችን ከኦክቶበር እስከ ማርች 515 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ ይህም ከጠቅላላው 89 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ወሰኑ 20 ሲባዛ በ19 ሲደመር 280፣ ማለትም 660 ይሆናል። 580 ከ660 ስለሚያንስ ቦታው ደረቅ ነው። የወሰኑን ግማሽ፣ 330ን፣ ስለሚበልጥ ግን በረሃ ሳይሆን ከፊል በረሃ ይባላል። አማካይ ሙቀቱም ከ18 ስለማያንስ ትክክለኛው ኮድ BSh ነው። አሁን ይኸው ጣቢያ ሌላ ኮድ ሲሰጣችሁ ምን እንደተበላሸ እንይ።

ምልክት፦ ኮዱ Csa ይወጣል

ከሁሉም አታላዩ ይህ ነው፤ Csa የሜዲትራኒያን ዓይነት የአየር ንብረት በመሆኑ ስህተት አይመስልም። ምክንያቱ የግማሽ ዓመቶቹ መገለባበጥ ነው። ስሌቱ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ያለውን ጊዜ ለሁሉም ቦታ እንደ ሞቃት ከቆጠረ፣ በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ሁሉም ነገር ይዛባል። የጣቢያችን 89 በመቶ ዝናብ “በቀዝቃዛው ጊዜ የዘነበ” ተብሎ ይያዝና ወሰኑ ወደ 380 ይወርዳል። 580 ከዚያ ስለሚበልጥ ቦታው ከደረቁ ምድብ ያመልጣል። ቀጥሎ፣ በጣም የቀዘቀዘው ወር 12 ዲግሪ ስለሆነ ወደ C ይገባል። “የሞቃቱ” ጊዜ ደረቅ ወር 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከ40 ስለሚያንስና የ120 ሲሶም ስለማይሞላ s ይጨመርለታል። ሞቃቱ ወር 24 ዲግሪ ነውና a ይከተላል።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች እዚህ ላይ ተጨማሪ ወጥመድ አለብን። በኮዱ ውስጥ s የሚያመለክተው የሞቃቱን ጊዜ ድርቀት፣ w ደግሞ የቀዝቃዛውን ጊዜ ድርቀት ነው። እነዚህን “በጋ” እና “ክረምት” ብለን ስንተረጉም፣ ክረምት በእኛ አፍ የዝናብ ወቅት፣ በጋም የደረቅ ወቅት ስለሆነ ትርጉሙ ተገልብጦ ያርፋል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ሁለቱን ቃላት ትቼ “ሞቃቱ ግማሽ” እና “ቀዝቃዛው ግማሽ” እላለሁ። እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ።

መፍትሄው ንፍቀ ክበቡን በእጅ መሙላት ሳይሆን የሁለቱን ግማሽ ዓመቶች አማካይ ሙቀት ማወዳደር ነው። በጣቢያችን ከኦክቶበር እስከ ማርች 22.7፣ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር 15.3 ዲግሪ ይመጣል። የበለጠው ሞቃቱ ግማሽ ነው፤ ቦታው የትም ይሁን የት ይህ አይሳሳትም።

ምልክት፦ ኮዱ Cwa ይወጣል፤ ደረቅ ቦታዎች ሁሉ እርጥብ ይሆናሉ

ይህ የመለኪያ አሃድ ችግር ነው። ቀመሩ በሴንቲ ሜትር ሲጻፍ 2 ሲባዛ በT ሲደመር 28 ይሆናል። ከአንዱ መጽሐፍ የሴንቲ ሜትሩን ቀመር፣ ከሌላ ሰንጠረዥ የሚሊ ሜትሩን ዝናብ ያጣመረ ሰው ወሰኑን 66 ያደርገዋል፤ 580 ደግሞ የዚህ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው። ምልክቱ ጉልህ ነው፤ በዝርዝራችሁ ውስጥ ያሉ የታወቁ በረሃዎች እንኳ ከB ሲወጡ ሌላ ምክንያት ሳትፈልጉ አሃዱን አስተካክሉ።

ምልክት፦ ኮዱ BWh ይወጣል፤ ሁሉም ቦታ በረሃ ይሆናል

ይህ የቀደመው ተቃራኒ ነው። ከዓመቱ ድምር ይልቅ የወራቱ አማካይ ገብቷል። 580 ለ12 ሲካፈል 48 ገደማ ነው፤ ከ330 በእጅጉ ያንሳል። የዝናቡ ዓምድ መደመሩን፣ የሙቀቱ ዓምድ ደግሞ በአማካይ መሰላቱን አረጋግጡ።

ያልተለካ ወር በ-9999 ተሞልቶ ሲደመርም ያው በረሃ ይወጣል፤ ይህ ግን ድምሩ ከዜሮ በታች ስለሚሆን ወዲያው ይታያል። ይበልጥ የምፈራው ያልተለካው ወር በ0 ሲሞላ ነው። የጣቢያችን ፌብሩዋሪ 0 ቢሆን ድምሩ 480 ይሆናል፣ ኮዱ ግን BSh እንደሆነ ይቆያል፤ ስህተቱን የሚነግራችሁ ነገር የለም። በዝናባማ ወራት መካከል ብቻውን ዜሮ የሆነ ወር ስታዩ ወደ ዋናው መዝገብ ተመለሱ።

ምልክት፦ ሞቃት በረሃ Aw ይባላል

የፈተናው ቅደም ተከተል ተዛብቷል። ካርቱምን ውሰዱ፤ ዓመታዊ ዝናቧ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው፣ በጣም የሚቀዘቅዘው ወሯም ከ18 ዲግሪ ይበልጣል። የA ፈተና ቀድሞ ከመጣ 18 ዲግሪውን ታልፍና በሐሩር ሳር ምድር ትመደባለች። መጀመሪያ E (ሞቃቱ ወር ከ10 ዲግሪ በታች)፣ ቀጥሎ B፣ ከዚያ በኋላ ብቻ A፣ C እና D ይፈተኑ።

ምልክት፦ የእናንተ ካርታ C፣ የሌላው ካርታ D ይላል

ሁለታችሁም ላትሳሳቱ ትችላላችሁ። በC እና በD መካከል ያለው ድንበር በኮፐን አሠራር የቀዝቃዛው ወር -3 ዲግሪ ነበር፤ ብዙ ኋላ የመጡ ባለሙያዎች 0 ይጠቀማሉ። ቀዝቃዛው ወሩ -1.5 የሆነ ጣቢያ በመጀመሪያው C፣ በሁለተኛው D ይሆናል። ከካርታችሁ ሥር የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ፤ ከሌላ ካርታ ጋር ስታነጻጽሩም የጣቢያዎቹን መረጃ ከመጠራጠራችሁ በፊት ድንበሩን ተመልከቱ።