ባላንስ ያደረገ ዎርክሺት ሁሉ ልክ አይደለም

የእናትና የተቀጥላ ኩባንያን ሂሳብ እንደ አንድ ኩባንያ ለማጠቃለል፣ ማለትም ለኮንሶሊዴሽን፣ ዎርክሺት ሲሠራ የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። አንድ ኩባንያ የሌላውን 80 በመቶ አክሲዮን በ480,000 ገዛ እንበል። የተገዛው ተቀጥላ ኩባንያ ካፒታል 300,000፣ የተጠራቀመ ትርፉ 200,000 ነው። 20 በመቶውን የያዙት የአናሳ ባለአክሲዮኖች ድርሻ በገበያ ዋጋ 120,000 ያወጣል። ታክሱን ለጊዜው እንተወው።

የመጀመሪያው ስህተት 480,000ን ከ500,000 ጋር ማወዳደር ነው። በርካሽ የተገዛ ይመስላል! ግን የተገዛው 80 በመቶ ብቻ ነው፤ የዚያ የመዝገብ ዋጋ ደግሞ 400,000 ነው። እኔ ሙሉውን ከሙሉው ጋር ማወዳደር ይቀለኛል፦ 480,000 ሲደመር 120,000፣ 600,000። ሙሉ ዋጋው ከመዝገብ ዋጋው በ100,000 መብለጡ ወዲያው ይታያል።

ሁለተኛው፣ ይህን 100,000 እንዳለ ጉድዊል ማድረግ። መጀመሪያ ንብረቶቹን በገበያ ዋጋ መገመት ያስፈልጋል። በእኛ ምሳሌ አንድ ማሽን ከመዝገብ ዋጋው በ60,000 ይበልጣል። ጉድዊል የሚሆነው የተረፈው 40,000 ነው።

ሦስተኛው፣ ከተቀጥላው ካፒታል 80 በመቶውን ብቻ መሰረዝ። ሙሉው ነው የሚሰረዘው፤ የአናሳዎቹ ድርሻ ለብቻው በክሬዲት ይገባል፦

```
ዴቢት   ካፒታል               300,000
ዴቢት   የተጠራቀመ ትርፍ        200,000
ዴቢት   ማሽን                 60,000
ዴቢት   ጉድዊል                40,000
ክሬዲት  ኢንቨስትመንት           480,000
ክሬዲት  የአናሳዎች ድርሻ        120,000
```

ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ፣ የአናሳዎቹን ድርሻ ከተጣራ ንብረቱ 20 በመቶ አድርጎ መለካትንም ይፈቅዳል። ያኔ ድርሻቸው 112,000፣ ጉድዊሉ 32,000 ይሆናል። ሁለቱን መንገዶች ለአንድ ግዢ ማደባለቅ ግን አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከግዢው ቀን በኋላ ነው። ማሽኑ የ10 ዓመት ዕድሜ ከቀረው፣ በ60,000ው ላይ በየዓመቱ 6,000 የእርጅና ቅናሽ ይታሰባል። ተቀጥላው ይህን በራሱ መዝገብ አያውቀውም። ስለዚህ 50,000 አተረፍኩ ቢል፣ ለኮንሶሊዴሽን ትርፉ 44,000 ነው፤ የአናሳዎቹ ድርሻም 8,800 እንጂ 10,000 አይደለም።

በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የዎርክሺት ምዝገባ በየትኛውም ኩባንያ ሌጀር ውስጥ አይገባም፤ ሁሉም እንደገና ከዜሮ ይሠራል። ያለፈው ዓመት 6,000 ግን በዘንድሮ ወጪ ውስጥ አይገባም። 4,800ው ከእናት ኩባንያው የመነሻ የተጠራቀመ ትርፍ፣ 1,200ው ከአናሳዎቹ ድርሻ ይቀነሳል። የዘንድሮ የእርጅና ወጪ በ12,000 ካደገ፣ ስህተቱ እዚያ ነው።

ስህተቶቹ ሁሉ ዎርክሺቱን ባላንስ ከማድረግ አያግዱትም። እኔ የምፈትሸው በአናሳዎቹ ድርሻ ነው። ተቀጥላው ዲቪደንድ ካልከፈለ፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 120,000 ሲደመር 8,800፣ 128,800 መሆን አለበት። ከሌላ በኩልም ልሂድበት፦ ካፒታሉና የተጠራቀመ ትርፉ በመዝገብ 550,000፣ የማሽኑ ቀሪ ብልጫ 54,000፣ ጉድዊሉ 40,000። ድምሩ 644,000፤ 20 በመቶው 128,800። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ አብዛኛውን ጊዜ የተረሳው የማሽኑ እርጅና ነው።