በጥምቀት ሰሞን ወደ ሰሜን ሸዋ ለሥራ ለምትጓዙ

በጥር ወር ለንግድ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ጥር 11ን ብቻ አይቶ ጉዞውን ማቀድ የለበትም፤ በዓሉ የሚይዘው ሦስት ቀን ነውና። ጥር 10፣ በከተራ፣ ቢሮዎች ጠዋት ቢሠሩም ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገዱ በምእመናን ይሞላል፤ ባለሱቁም ነጠላውን አጣፍቶ ይከተላል። ጥር 12 በመንግሥት የበዓላት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሆኖም የሚካኤል ታቦት የሚገባው በዚያ ዕለት ስለሆነ፣ የሚካኤል ደብር ባለበት አካባቢ ሱቅ የሚከፍት አይገኝም። እኔም ባና ልገዛ መንዝ በዚሁ ቀን ደርሼ፣ ሻጩን ያገኘሁት በማግስቱ ነበር። ስለዚህ ጥር 9 ገብቶ ጉዳዩን በ10 ጠዋት መጨረስ፣ ይህ ካልተቻለም ጥር 13 መጀመር ይሻላል። ስልክ ስትደውሉም «ሱቁ ክፍት ነው?» ከማለት ይልቅ «እናንተ ዘንድ የሚካኤል ታቦት መቼ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ።