በክፍል ውስጥ የራስ ቅማል ሲታይ፦ ማንንም ሳያሸማቅቁ ለወላጆች ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል?

ክፍላችሁ ውስጥ አንድ ልጅ ራስ ላይ ቅማል ታየ እንበል። ወላጆች ዛሬውኑ ማወቅ አለባቸው። ግን ብዙ ሰው ቅማልን ከቆሻሻ ጋር ያያይዛል። ስለዚህ ማስታወቂያው ሲደርሰው የልጁን ራስ ከማየቱ በፊት «እኔን ነው እንዴ የሚሉት?» ብሎ ይሸማቀቃል። የተሸማቀቀ ወላጅ ደግሞ ይደብቃል፤ ቅማሉም ከልጅ ወደ ልጅ መሄዱን ይቀጥላል።

ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ልጁ ቤት ደውሉ። ቤተሰቡ ነገሩን ከማስታወቂያው መስማት የለበትም። «ዛሬ ለሁሉም ወላጆች ማስታወቂያ ይላካል፤ የልጅዎ ስም አይነሳም» በሏቸው። ልጁንም ከትምህርት መሃል አስነስታችሁ ወደ ቤት አትላኩት። ቅማሉ ራሱ ላይ ሳምንታት ሳይቆይ አይቀርም፤ የጥቂት ሰዓት ልዩነት ምንም አያተርፍም። ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ ግን ስሙን ባትጽፉም ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ማስታወቂያው ለዚያ ቤተሰብም ጭምር፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይድረስ።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ይህን ተመልከቱ፦ «አንዲት ተማሪ ላይ ቅማል ስለተገኘ የልጆቻችሁን ንጽሕና እንድትጠብቁ እናሳስባለን።» «አንዲት» ስትሉ ግማሹን ክፍል ከጥርጣሬ አውጥታችሁ በሴቶቹ ላይ ጣት ቀሰራችሁ። «እናሳስባለን» ጥፋተኛ የሚገሠጽበት ቃል ነው። ከሁሉ የከፋው «ንጽሕና» ነው፤ ምክንያቱም እውነት አይደለም። ቅማል የሚመገበው ደም እንጂ እድፍ አይደለም፤ ዛሬ የታጠበ ጸጉርም ይመቸዋል። ይልቅ «በክፍላችን የራስ ቅማል ታይቷል» ብላችሁ ጀምሩ። ማን ላይ፣ ስንት ልጅ ላይ የሚለው አይግባ።

«ማን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። «እባካችሁ ማንንም አትውቀሱ» ብሎ መለመን ጥርጣሬውን ያባብሰዋል። እውነታውን መንገር ይሻላል። ቅማል ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ልጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ላያሳክከው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የታየበት ልጅ መጀመሪያ የያዘው ነው ማለት አይቻልም።

ቀጥሎ ወላጁ ዛሬ ማታ የሚሠራውን ነገር ስጡት። ሙሉ ማስታወቂያው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

> ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣
>
> በክፍላችን የራስ ቅማል ታይቷል። ልጆች ራስ ለራስ ተነካክተው ሲጫወቱ ስለሚተላለፍ ማንኛውም ልጅ ሊይዘው ይችላል። ከንጽሕና ጋር አይገናኝም፤ በሽታም አያስተላልፍም። ማሳከኩ ሳምንታት ዘግይቶ ሊጀምር ስለሚችል ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።
>
> ዛሬ ማታ የቤተሰቡን ሁሉ ጸጉር እዩልን። ጸጉሩን አርጥባችሁ ኮንዲሽነር ቀቡት። ከዚያ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ከሥሩ እስከ ጫፉ አበጥሩና ማበጠሪያውን በየጊዜው በነጭ ሶፍት ጥረጉ። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ በደንብ እዩ። ቅማል የሰሊጥ ፍሬ ያህላል። ፎረፎር ሲነኩት ይረግፋል፤ ቅጫም ግን ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል።
>
> በሕይወት ያለ ቅማል ካያችሁ ለልጁ ዕድሜ የሚስማማ መድኃኒት ከፋርማሲ ጠይቁ። ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ መርዝ ፈጽሞ አትቀቡ። ሕክምናው ከተጀመረ ልጁ በማግስቱ ትምህርት ቤት ይምጣ። ብትነግሩን በመካከላችን ይቀራል።

«በሕይወት ያለ» የሚለውን አትዝለሉት። ባዶ የቅጫም ቅርፊት ቅማሉ ከጠፋ በኋላም ጸጉር ላይ ይቆያል። እሱን ብቻ አይቶ ልጁን በመድኃኒት የሚያጥብ ወላጅ አይጠፋም።

ከሳምንት በኋላ አጭር ማስታወሻ ለሁሉም ላኩ። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ቅጫሙን ሙሉ በሙሉ አይገድሉም፤ እሱ ደግሞ ከ7 እስከ 9 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ቅማል «ተመልሶ መጣ» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ የመድኃኒቱ ሁለተኛ ዙር መዘለሉ ነው። ማስታወሻው ላይ «አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን በአግባቡ ስላላከሙ» የሚል ነገር ካስገባችሁ የመጀመሪያው ድካም ሁሉ ገደል ይገባል። ይህ ይበቃል፦ «መድኃኒት የተጠቀማችሁ፣ መመሪያው ላይ በተጻፈው ቀን ድገሙት። ሌሎቻችንም ዛሬ ማታ አንዴ እናበጥር።»

የወላጆች ግሩፕ ላይ «የማን ልጅ ነው?» የሚል ከመጣ ዝም አትበሉ፤ ዝምታው ግምትን ይጋብዛል። ወዲያው መልሱ፦ «የማንንም ልጅ የጤና ጉዳይ አንናገርም፤ የእርስዎንም እንዲሁ። ዛሬ ማታ ግን ያበጥሩለት።»