አሥራ አንድ ቁራጭ ያለውን ፓይ ቻርት ወደሚነበብ ግራፍ እንዴት እንቀይረው?

በክልል የተዘረዘረ ቁጥር ሲመጣ የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፓይ ቻርት ነው። ክቡ ያምራል፣ ገጹም ይሞላል። አንባቢው ግን ክቡን ትቶ አጠገቡ የተጻፉትን ቁጥሮች ነው የሚያነበው። ቁጥር ካልተጻፈበት ደግሞ የተሳሳተ ነገር ይዞ ይሄዳል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆንና በምን እንደምንተካው በአንድ ምሳሌ እንየው።

ምሳሌው የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። ያኔ ዘጠኝ ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች ነበሩ፤ ሲዳማም ሆነ ሌሎቹ አዳዲስ ክልሎች ገና ከደቡብ አልወጡም። የሕዝቡን ብዛት በሚሊዮን ኤክሴል ላይ በሁለት ዓምድ ጻፉት።

```
ኦሮሚያ          26.99
አማራ           17.22
ደቡብ           14.93
ሶማሌ           4.45
ትግራይ          4.32
አዲስ አበባ       2.74
አፋር           1.39
ቤኒሻንጉል ጉሙዝ   0.78
ድሬዳዋ          0.34
ጋምቤላ          0.31
ሐረሪ           0.18
```

1. መጀመሪያ ፓይ ቻርቱን ፈትኑት

ፓይ ቻርቱን ሥሩና ቁጥሮቹን አጥፉ። ከዚያ አጠገባችሁ ላለ ሰው አሳዩትና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ከሶማሌና ከትግራይ የትኛው ይበልጣል?

መልሱ ግምት ነው የሚሆነው። የክቡን 360 ዲግሪ ለአሥራ አንዱ ስናካፍል ለሶማሌ 21.7፣ ለትግራይ 21.1 ዲግሪ ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ሕዝብ ግን ወደ 128 ሺህ ነው፤ ከጋምቤላ ሕዝብ ሲሶ በላይ ማለት ነው። ሐረሪማ 0.9 ዲግሪ ስለሚደርሳት ቁራጭ ሳትሆን መስመር መስላ ትታያለች።

ችግሩ የአንባቢው አይደለም። ዓይናችን የማዕዘንን ስፋት ሲለካ ደካማ ነው፤ ከአንድ መነሻ የተነሱ ርዝመቶችን ሲያወዳድር ግን ጎበዝ ነው። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል። በፓይ ቻርት ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደተለያየ አቅጣጫ ዞሯል። ስለዚህ አንዱን ቁራጭ ከሌላው አጠገብ አስተካክሎ ማስቀመጥ አይቻልም።

ቀለሙም ሌላ ጣጣ አለው። ኤክሴል በራሱ የሚሰጣችሁ ስድስት ቀለም ነው፤ ከዚያ በኋላ እነዚያኑ እያጠቆረ ወይም እያፈካ ይደግማል። አንባቢው ከክቡ ወደ ቀለሙ መግለጫ፣ ከመግለጫው ወደ ክቡ ሲመላለስ ይደክመዋል። ሪፖርቱ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ከተደረገ ደግሞ አለቀ፤ ሁሉም ግራጫ ነው።

ትንንሾቹን ሰብስቦ «ሌሎች» ማለት የተለመደ መፍትሔ ነው። እኔ አልወደውም። የድሬዳዋ ሰው ሪፖርቱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው ድሬዳዋን ነው። ስሪ ዲ ፓይ ቻርትን ደግሞ ጨርሶ አትንኩት። ክቡ ስለሚያዘነብል ወደፊት የመጣው ቁራጭ ከልኩ በላይ ይገዝፋል።

2. አግዳሚ ባር ቻርት ሥሩ

ቁጥሮቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ፣ ምረጡ፣ ከ`Insert` ውስጥ `Clustered Bar` የሚለውን ጫኑ። አግዳሚው የሚመረጠው «ቤኒሻንጉል ጉሙዝ» የሚያህል ረጅም ስም ሳይጣመም በግራ በኩል ስለሚጻፍ ነው።

እዚህ ላይ ኤክሴል ዝርዝሩን ገልብጦ ያወጣዋል፤ ኦሮሚያ ታች፣ ሐረሪ ላይ ይሆናሉ። ስሞቹን ሁለት ጊዜ ጫኑና `Categories in reverse order` ላይ ምልክት አድርጉ። ዝርዝሩ ሲስተካከል የቁጥሩ መስመር ወደ ላይ ይወጣል። አትደንግጡ፤ በየባሩ ጫፍ ቁጥሩን ስለምትጽፉ መስመሩን ማጥፋት ትችላላችሁ። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን `Minimum` 0 መሆኑን አረጋግጡ። ባር ከዜሮ ካልተነሳ ርዝመቱ ይዋሻል።

ቀለሙ አንድ ይሁን። ስሙ ከባሩ አጠገብ ስላለ የቀለም መግለጫ አያስፈልግም፤ አጥፉት።

3. ትልልቆቹ ትንንሾቹን ሲውጡ

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። የኦሮሚያ ባር 13.5 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ለአንድ ሚሊዮን ሰው የሚደርሰው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። ሐረሪ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ትቀራለች። የሶማሌና የትግራይ ልዩነትም አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ቅደም ተከተሉ ጠርቷል፤ ከታች ያሉት ስምንቱ ግን አሁንም እንደተጨፈለቁ ናቸው።

ሁለት አቋራጮች አሉ፤ ሁለቱም መጥፎ ናቸው። አንዱ የኦሮሚያን ባር መሃል ላይ ቆርጦ ማሳጠር ነው። ባር የሚነበበው በርዝመቱ ስለሆነ ከተቆረጠ በኋላ ምንም አይናገርም። ሌላው `Logarithmic scale` ነው። ይህ መለኪያ ዜሮ የለውም። አንዱ ባር ከሌላው እጥፍ ቢረዝም ቁጥሩ እጥፍ ነው ማለት ስላልሆነ አንባቢው ይሳሳታል።

የሚሻለው ግራፉን ለሁለት መክፈል ነው። በመጀመሪያው አሥራ አንዱንም አሳዩ። ከሥሩ ከሶማሌ እስከ ሐረሪ ያሉትን ስምንቱን ብቻ ይዛችሁ ሌላ ባር ቻርት ሥሩና `Maximum` የሚለውን 5 አድርጉ። ስፋቱ ያው 13.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አሁን ለአንድ ሚሊዮን ሰው 2.7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሶማሌ 12 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ትግራይ ከእሱ በሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ያጥራል፤ ልዩነቱ ያለ ቁጥር በዓይን ይታያል። ሐረሪም ወደ አምስት ሚሊ ሜትር ታድጋለች።

አንድ አደጋ አለ። ሁለቱ ግራፎች መለኪያቸው ስለሚለያይ አንባቢው የላዩን ባር ከታችኛው ጋር ሊያወዳድር ይችላል። ስለዚህ የሁለተኛው ርዕስ ላይ «ከ5 ሚሊዮን በታች ሕዝብ ያላቸው፤ መለኪያው ከላይኛው ግራፍ ይለያል» ብላችሁ ጻፉ። የታችኛውን ቀለምም ለወጥ አድርጉት።

4. ጊዜ ለማወዳደር ሁለት ክብ አታስቀምጡ

የ1987 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባን 2.1 ሚሊዮን፣ የ1999ኙ ደግሞ 2.7 ሚሊዮን አድርጓታል። ከተማዋ ከ600 ሺህ በላይ ሰው ጨምራለች። በፓይ ቻርት ግን ድርሻዋ ከ4 በመቶ ገደማ ወደ 3.7 በመቶ ስለሚወርድ ቁራጯ ትጠባለች። ምክንያቱ የአገሪቱ ሕዝብ ከ53.5 ወደ 73.7 ሚሊዮን ማደጉ ነው፤ ክቡ ግን ሁለቱንም ጊዜ እኩል ነው የሚሣለው። አንባቢው አዲስ አበባ ሕዝብ የቀነሰባት ይመስለዋል።

እዚህ የሚሠራው የመስመር ግራፍ ነው። በግራ 1987፣ በቀኝ 1999፣ ለየክልሉ አንድ መስመር። ሁሉንም በግራጫ ሥሩና የምታወሩለትን አንዱን ብቻ አቅልሙ። ስሙን በመስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ጻፉ። በታች ያሉት መስመሮች ከተደራረቡ ልክ እንደ ባሩ ለብቻቸው አውጧቸው።

5. ፓይ ቻርቱ የሚያዋጣበት ቦታ

ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ከሆነና መልእክቱ የአንዱ ድርሻ ብቻ ከሆነ ክቡ ጥሩ ነው። በዚያው ቆጠራ ከተማ የሚኖረው ሕዝብ 16 በመቶ፣ ገጠር የሚኖረው 84 በመቶ ነበር። ይህን ክብ ያየ ሰው የከተማው ድርሻ ከሩብ በታች መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ትንሹ ቁራጭ ከክቡ አናት ላይ እንዲነሳ ከተማን በመጀመሪያው ረድፍ ጻፉ፣ `Angle of first slice` 0 ይሁን፣ ስሙንና በመቶኛውንም ቁራጩ ላይ ጻፉት።