ታችኛ ወሰን ሲኖር በኮከብና መስመር ቆጠራ ላይ የማያቸው ስህተቶች

ይህን ጥያቄ እንያዝ። x + y + z = 12 ነው፤ x ≥ 3፣ y ≥ 2፣ z ≥ −1። ስንት የኢንቲጀር መፍትሔ አለው?

ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ግዴታ የሆነውን ድርሻ አስቀድመን እንሰጠዋለን። የምንቆጥረው የቀረውን ነው። a = x − 3፣ b = y − 2፣ c = z + 1 እንበል። ድምራቸው 8 ይሆናል፣ ሦስቱም ከ0 ይጀምራሉ። ስለዚህ የሚከፋፈለውን እያንዳንዱን 1 በኮከብ ብንወክል 8 ኮከብ አለን፤ ሦስት ክፍል ለመለየት ደግሞ 2 መስመር ይበቃል። ከ10 ቦታ ለመስመሮቹ 2 እንመርጣለን፦ C(10, 2) = 45።

አሁን ወደሚያናድደኝ ስህተት ልምጣ። ተማሪው እስከ 8 ድረስ በትክክል ይደርሳል። ከዚያ C(7, 2) ብሎ 21 ይጽፋል! ይህን ስንቴ እንዳረምኩት አላስታውስም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለት ቀመር በቃሉ ይዟል። n ድምሩ፣ k የተለዋዋጮቹ ብዛት ይሁን። C(n + k − 1, k − 1) ተለዋዋጮቹ ከ0 ሲጀምሩ ነው፤ C(n − 1, k − 1) ደግሞ ከ1 ሲጀምሩ። እባካችሁ፣ ሁለተኛውን እርሱት። እሱ ራሱ የመጀመሪያው ነው፤ ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ አንድ አንድ ከተሰጠ በኋላ n − k ይቀራል፣ እሱን ከላይኛው ቀመር ብታስገቡት C(n − 1, k − 1) ይወጣል። ስለዚህ ወሰኑን ቀንሳችሁ ስትጨርሱ እሱን ከተጠቀማችሁ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ ከሁሉም ላይ እንደገና 1 ቀነሳችሁ ማለት ነው። a = 0 የሆነበት መፍትሔ በሙሉ ይጠፋል። እኔም ተማሪ እያለሁ በዚሁ ስህተት ፈተና ላይ ነጥብ አጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንዱን ቀመር ብቻ ነው የያዝኩት።

ነጌቲቭ ወሰንም ብዙዎችን ያደናግራል። z ≥ −1 ሲባል 1 ይቀንሱና 6 ይቀራል ይላሉ፤ መልሳቸውም 28 ይሆናል። z ከዜሮ በታች መውረድ ከቻለ ግን ለሌሎቹ የሚተርፈው ይበዛል። ስለዚህ የወሰኖቹን ድምር ከነምልክቱ ውሰዱ፦ 3 + 2 − 1 = 4፣ ከዚያ 12 − 4 = 8።

x > 3 ካለ ወሰኑ 4 ነው። የሚቀረው 7፣ መልሱ 36።

ወሰኖቹ ተደምረው ከጠቅላላው ከበለጡስ? መልሱ 0 ነው፤ ቀመሩ ውስጥ አታስገቡት። እኩል ከሆኑ ደግሞ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፦ ሁሉም ወሰናቸው ላይ ይቆማሉ።

ስትጠራጠሩ በጣት የሚቆጠር ምሳሌ ውሰዱ። x + y + z = 5፣ x ≥ 2፣ y ≥ 1፣ z ≥ 1 ይሁን። የሚቀረው 1 ነው፤ እሱን ለx፣ ለy ወይም ለz መስጠት ይቻላል። መፍትሔዎቹ (3, 1, 1)፣ (2, 2, 1) እና (2, 1, 2) ናቸው። C(3, 2) = 3 ይስማማል። የተሳሳተው C(0, 2) ግን 0 ይላል፣ ሦስቱ መፍትሔዎች ፊታችሁ ተጽፈው እያያችሁ።