ሚያዝያ ላይ አልለቅ የሚል «ጉንፋን»፦ አሜሪካ ለገባችሁ የባሕር ዳር ልጆች

ባሕር ዳር ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ሚያዝያ ሲገባ የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ። አንዲት እናት ይመጡና «ልጄን አሜሪካ ጉንፋን አልለቅ አላት፤ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፣ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ይሉኛል። ሻንጣው ውስጥ ከበሶውና ከሽሮው ጎን ቦታ ተይዞለታል። እኔ ግን አልሰጥም። ጉንፋን በቫይረስ ስለሚመጣ አሞክሳሲሊን አይነካውም። የልጅቷ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭራሽ ጉንፋን አይደለም፤ አለርጂ ነው።

ከሽምብጥ የመጡ አንዲት እናት ሜሪላንድ ካለችው ልጃቸው ጋር በስልክ አገናኙኝ። «አምና እኮ ምንም አልነበረኝም» አለችኝ። የሚያሳስተው ይኸው ነው። ሰውነት የአገሩን የዛፍና የሣር ብናኝ መጀመሪያ ማወቅና ጠላቴ ብሎ መያዝ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ጸደይ በሰላም ያልፍና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይጀምራል። «በዘራችን አለርጂ የለም» ማለት ብቻውን አያድንም።

ስንት ጊዜ ሆነሽ? ሦስት ሳምንት። ትኩሳት፣ ቁርጥማት? የለም። ያሳክክሻል? «ዓይኔን አሽቼ ልጨርሰው ነው! ላንቃዬን ሳይቀር ይበላኛል።» እዚህ ላይ ነገሩ ለየለት። ዓይን፣ አፍንጫና ላንቃ ሲያሳክክ፣ ንፍጡ እንደ ውኃ ሲንጠባጠብ፣ ጠዋት ጠዋት ማስነጠሱ ሲደራረብ የአለርጂ ነገር ነው። ነፋስ ያለበት ቀን ይብስባታል፣ ዝናብ ሲጥል ይሻላታል።

ጉንፋን መንገዱ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ በጉሮሮ ይጀምራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ ንፍጡ ይወፍራል፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜም ይለቃል። ሳሉ ትንሽ ሊቆይ ይችላል። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። ለጉንፋን እረፍት፣ ትኩስ ነገርና ማስታገሻ ይበቃል። እኛ ፓራሲታሞል የምንለውን እዚያ አሲታሚኖፌን ይሉታል። የጉንፋን ድብልቅ መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ደርባችሁ እንዳትወስዱ። ዳማከሴውን አልከለክልም፤ ለአለርጂ ግን ተስፋ አታድርጉበት።

ልጅቷ ሌላም ችግር ነበረባት። ከሱቅ አፍንጫ ወዲያው የሚከፍት ስፕሬይ ገዝታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትነፋ ከርማለች። ኦክሲሜታዞሊን ይባላል። ከ3 ቀን በላይ ሲሆን መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር አፍንጫው ከበፊቱ የባሰ ይዘጋል፣ ሰውዬውም መልሶ ይነፋል። እንድታቆም ነገርኳት። ጥቂት የሚያስጨንቁ ቀናት እንዳሉትም አልደበቅኋትም።

በምትኩ ያስጀመርኳት ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውን ፍሉቲካዞን የተባለ ስፕሬይ ነው። ለአዋቂ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንዴ በእያንዳንዱ ቀዳዳ 2 ጊዜ ይነፋል። ከዚያ 1 ጊዜ ከበቃ ወደዚያ ይወርዳል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው አነፋፉን ስለማያውቅ ነው። መጀመሪያ ተናፈጡ፣ ጠርሙሱን ነቅንቁ። ራሳችሁን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል አድርጉ። ለግራው ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ ለቀኙ በግራ እጅ ያዙት። ጫፉ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይሁን እንጂ ወደ መሃሉ ግድግዳ አይሁን፤ እዚያ ከነፋችሁ ነስር ያመጣል። ሳብ ስታደርጉ በቀስታ ነው። ጉሮሯችሁ ከመረራችሁ በኃይል ስባችኋል ማለት ነው። ውጤቱ ሙሉ ለሙሉ እስኪታይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል በሦስተኛው ቀን አትጣሉት። የከርሞውን ደግሞ ወቅቱ ሳይገባ አንድ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ።

ማሳከኩና ማስነጠሱ ከባሰ ሴትሪዚን የተባለው የአለርጂ ክኒን 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይረዳል። አንዳንዱን ስለሚያስተኛ ማታ ይሻላል። ፌክሶፌናዲን እምብዛም አያስተኛም፣ ግን በጁስ ሳይሆን በውኃ ዋጡት። «የሌሊት» ተብለው የሚሸጡት የጉንፋን መድኃኒቶች ግን ጠዋትም ያንገላጅጃሉ፤ መኪና ለሚነዳ አይሆኑም። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፋርማሲስት ሳያማክር አይጀምር።

ቤት ውስጥ መስኮት ዝጉ፣ ማታ ጸጉራችሁን ሳትታጠቡ አትተኙ። ነጠላና አንሶላ በረንዳ ላይ አታስጡ፤ ብናኙን ሰብስቦ ይገባል። የቡናውን ዕጣንም ለጊዜው ቀነስ አድርጉት፤ ጭሱ የተቆጣ አፍንጫን ያባብሳል። (እናቶች እዚህ ላይ ይቆጡኛል።)

ደረት ካፏጨ ወይም ትንፋሽ ካጠረ አስም ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስፕሬዩም ክኒኑም በየዓመቱ የማይበቃችሁ ከሆነ ደግሞ የአለርጂ ሐኪም የቆዳ ምርመራ አድርጎ ክትባት ሊጀምርላችሁ ይችላል። እሱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ስለሚቀጥል ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍነው እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።