የዋይፋይ ፓስወርድ ሌላ፣ የአድሚን ፓስወርድ ሌላ

ጅማ ቤታችን እንግዳ ለቡና ሲመጣ እናቴ ራውተሩን ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ታሳያለች። እዚያ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ፓስወርዶች ተጽፈዋል፤ የዋይፋዩም፣ የራውተሩን ሴቲንግ የሚከፍተው የአድሚኑም።

«እማዬ፣ የዋይፋዩ የግቢ በር ቁልፍ ነው፤ ለእንግዳ ይሰጣል። የአድሚኑ ግን የቁም ሳጥንሽ ነው» አልኳት። ወዲያው ገባት።

ዋይፋዩን ያገኘ ሰው ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብሎ (አድራሻው እንደ ራውተሩ ይለያያል) በአድሚኑ ከገባ፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሮ እናንተኑ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

ስለዚህ የአድሚኑን ቀይሩት። የማንም ስልክ አይቋረጥም። ለእንግዳ የዋይፋዩን ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ። አዲሱን የአድሚን ፓስወርድ ደግሞ ደብተር ላይ አስፍሩት፤ ከጠፋ ራውተሩን ሪሴት ማድረግ ግድ ይሆናል፣ ያኔ የኢንተርኔት መስመሩ ሴቲንግም አብሮ ይጠፋል።